ለተራ ቤንዚን በተሠራ ሞተር ውዱን መቅዳት ይጠቅማል? የ‘ኦክቴን’ ቁጥር በትክክል የሚነግረን

በዱባይ የነዳጅ ማደያዎች ሦስት ቁጥሮች ይታያሉ፤ 91፣ 95 እና 98። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ደግሞ አሽከርካሪዎች 87፣ 89 እና 93 ከሚሉ ቁልፎች አንዱን ይጫናሉ። በእስራኤል ምርጫው በ95 እና በ98 መካከል ነው። በአዲስ አበባ በአንጻሩ አሽከርካሪው በአብዛኛው ምርጫ የለውም፤ ወረፋ ጠብቆ የሚቀዳው አንድ ዓይነት ቤንዚን ነው።

ምርጫ ባለበት አገር ሁሉ ቁጥሩ ከፍ ሲል ዋጋውም ከፍ ይላል። ከዚህ በመነሳት ብዙ አሽከርካሪዎች ትልቁ ቁጥር የተሻለ ጥራት፣ የበለጠ ጉልበት ወይም የበለጠ ንጽሕና ያለውን ነዳጅ ያመለክታል ብለው ያምናሉ። አንዳንዶች መኪናቸው ለተራው ቤንዚን የተሠራች ብትሆንም በወር አንድ ጊዜ ውዱን እየቀዱ ‘ሞተሯን ያጥባሉ’። ሌሎች ደግሞ መኪናቸው ዳገት ላይ ስትደክም መፍትሔውን የሚፈልጉት ከውዱ ቤንዚን ነው።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚለካው ከእነዚህ አንዱንም አይደለም። የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤንዚኑ በሞተሩ ውስጥ ሲጨመቅና ሲሞቅ፣ ያለ ጊዜው በራሱ ከመቀጣጠል ምን ያህል ራሱን እንደሚገታ።

ሞተሩ ለምን ‘ያንኳኳል’?

የኦክቴንን ጉዳይ ለመረዳት በሲሊንደሩ ውስጥ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየርና ቤንዚን ይገባሉ። ተመልሶ ወደ ላይ ሲወጣ ይህን ድብልቅ በጠባብ ቦታ ውስጥ ይጨምቀዋል። በብዙ ዘመናዊ የቤት መኪኖች ድብልቁ መጀመሪያ ከያዘው ቦታ ወደ አንድ አሥረኛው ገደማ እስኪያንስ ድረስ ይታመቃል። የታመቀ ጋዝ ደግሞ ይሞቃል፤ የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው የፓምፑ ጫፍ ሲግል የሚያስተውለው ይኸው ነው።

ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ካንዴላው የእሳት ብልጭታ ይረጫል። በጤናማ ሞተር እሳቱ ከካንዴላው ተነስቶ፣ በደረቅ ሣር ላይ እንደተለቀቀ እሳት፣ በሥርዓት ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ይስፋፋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ውስጥ ቢሆንም ግፊቱ የሚጨምረው ደረጃ በደረጃ ነው። ፒስተኑም በዚያ ግፊት ወደ ታች ይገፋል።

ችግሩ የሚመጣው እሳቱ ገና ካልደረሰበት ጥግ ነው። እየተስፋፋ ያለው ነበልባል በፊቱ ያለውን ያልተቃጠለ ድብልቅ ይበልጥ ይጨምቀዋል፤ ይበልጥም ያሞቀዋል። ያ ጥግ ላይ የቀረ ድብልቅ ሙቀቱን መቋቋም ካቃተው ነበልባሉን ሳይጠብቅ በራሱ፣ በአንድ ጊዜ ቦግ ይላል። በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው የግፊት ሞገድ በሲሊንደሩ ግድግዳና በፒስተኑ አናት ላይ እየተጋጨ ያስተጋባል። አሽከርካሪው የሚሰማው ድምፅ በቆርቆሮ ውስጥ የሚንገጫገጭ ጠጠር ይመስላል። መካኒኮች ‘ሞተሩ ያንኳኳል’ የሚሉት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጉዳቱ በድምፁ ብቻ አያበቃም። በመደበኛ ቃጠሎ ጊዜ በብረቱ ገጽ ላይ ስስ የጋዝ ሽፋን ስለሚኖር ብረቱ ከእሳቱ ሙሉ ሙቀት ይጠበቃል። የማንኳኳት ሞገድ ይህን ሽፋን ይገፈዋል። ሙቀቱም በቀጥታ ወደ ፒስተኑና ወደ ቴስታታው ይገባል። አልፎ አልፎና በቀላሉ የሚያንኳኳ ሞተር ወዲያው ባይጎዳም፣ በከባድ ጭነት ለረዥም ጊዜ በኃይል የሚያንኳኳ ግን የፒስተኑ አናት ሊቦረቦር፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሊቃጠል ይችላል።

የኦክቴን ቁጥር እንግዲህ ቤንዚኑ ይህን ያለ ጊዜው መቀጣጠል የሚቋቋምበት ልክ ነው።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

በ1920ዎቹ የመኪና አምራቾችና የነዳጅ አጣሪዎች አንድ የጋራ መለኪያ አልነበራቸውም። አንዱ ቤንዚን ሞተርን ያንኳኳል፣ ሌላው አያንኳኳም ከማለት በቀር ልዩነቱን በቁጥር ማስቀመጥ አይቻልም ነበር። አሜሪካዊው ኬሚስት ግራሃም ኤድጋር ያቀረቡት መፍትሔ ቀላል ነበር። ሁለት ንጹሕ ፈሳሾችን መረጡ። አንደኛው አይሶ-ኦክቴን ሲሆን ማንኳኳትን በብርቱ ይቋቋማል፤ 100 የሚል ቁጥር ተሰጠው። ሁለተኛው ኖርማል ሄፕቴን በቀላሉ ያንኳኳል፤ ዜሮ ተሰጠው።

አንድ ቤንዚን ሲፈተን የሚነጻጸረው ከእነዚህ ሁለቱ ቅይጥ ጋር ነው። ቤንዚኑ 95 እጅ አይሶ-ኦክቴንና 5 እጅ ሄፕቴን ከያዘ ቅይጥ እኩል የሚያንኳኳ ከሆነ ‘95’ ይባላል። ይህ ማለት ግን በማደያው የሚሸጠው ቤንዚን በውስጡ 95 በመቶ ኦክቴን የተባለ ነገር አለው ማለት አይደለም። ቤንዚን የብዙ ውህዶች ድብልቅ ነው፤ ቁጥሩ የሚገልጸው ይዘቱን ሳይሆን ጠባዩን ነው።

ፍተሻው የሚካሄደው ለዚሁ ሥራ በተዘጋጀ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ነው። ይህ ሞተር እየሠራ ሳለ ድብልቁን የሚጨምቅበት መጠን ከፍና ዝቅ ሊደረግ ይችላል። መለኪያውም ሁለት ዓይነት ነው። ‘ሪሰርች’ የተባለው ዘዴ ሞተሩን በደቂቃ 600 ዙር በለዘበ ሁኔታ ያስኬደዋል። ‘ሞተር’ የተባለው ዘዴ ደግሞ በደቂቃ 900 ዙር፣ ድብልቁንም አስቀድሞ በማሞቅ፣ ጠንከር ባለ ሁኔታ ይፈትነዋል። በሁለተኛው ዘዴ የሚገኘው ቁጥር በአብዛኛው ከመጀመሪያው ያንሳል።

ከአገር ወደ አገር የሚታየው ግራ መጋባት መነሻው ይህ ነው። በአውሮፓ፣ በባሕረ ሰላጤው አገራት፣ በእስራኤልና በምሥራቅ አፍሪካ የሚጠቀሰው በመጀመሪያው ዘዴ የተገኘው ቁጥር ነው። በአሜሪካ ማደያዎች የሚለጠፈው ግን የሁለቱ ዘዴዎች አማካይ ነው። ስለዚህ ከዱባይ ወደ ቨርጂኒያ የሄደ ሰው 87 የሚለውን አይቶ ‘የአሜሪካ ቤንዚን ደካማ ነው’ ብሎ ቢደመድም ይሳሳታል። የአሜሪካው 87 ከዱባዩ 91 ጋር፣ የአሜሪካው 93 ደግሞ ከዱባዩ 98 ጋር ይቀራረባል። ከአሜሪካ የመጣች መኪና የነዳጅ ክዳን ላይ 87 የሚል ካለ፣ በሌላው ዓለም መለኪያ የምትፈልገው 91 አካባቢ ነው።

ስሞች ደግሞ ከቁጥሮች ይበልጥ ያሳስታሉ። በኬንያ ‘ሱፐር’ የሚባለው በየማደያው የሚገኘው ተራው ቤንዚን ነው። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ‘ሱፐር’ ከሦስቱ ከፍተኛውና ውዱ ነው። መታመን ያለበት ስሙ ሳይሆን ቁጥሩ ነው።

ከፍተኛ ኦክቴን ከፍተኛ ጉልበት ነው?

ማንኳኳትን መቋቋም አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ኃይል ሌላ ነገር ነው። ይህን ለመገንዘብ ከኢታኖል የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ከሸንኮራ አገዳ ተረፈ ምርት የሚገኘው ይህ አልኮል የኦክቴን ቁጥሩ ከ100 በላይ ነው። በአንድ ሊትር የሚሰጠው ኃይል ግን ከቤንዚን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል። ኢትዮጵያ በአውሮፓውያኑ 2008 በአዲስ አበባ 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ስትጀምር፣ በ2011 ደግሞ ወደ 10 በመቶ ከፍ ስታደርግ፣ የኢታኖሉ ድርሻ የኦክቴን ቁጥሩን የሚያሳድግ ነበር። በአንድ ሊትር የሚገኘውን ኃይል ግን 10 በመቶ ሲቀላቀል በሦስት በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ወጣ ማለት ጉልበቱ ወጣ ማለት አይደለም።

ታዲያ ፈጣን የስፖርት መኪኖች ለምን ከፍተኛ ኦክቴን ይጠይቃሉ? ምክንያቱ በቤንዚኑ ሳይሆን በሞተሩ ውስጥ ይገኛል። ድብልቁን አብዝቶ የሚጨምቅ፣ ወይም በቱርቦ ተጨማሪ አየር የሚያስገባ ሞተር ከአንድ ሊትር የበለጠ ሥራ ያወጣል። ነገር ግን ያ ግፊት ተራውን ቤንዚን ያለ ጊዜው ያቀጣጥለዋል። ከፍተኛ ኦክቴን እንዲህ ያለ ሞተር ሳያንኳኳ እንዲሠራ ይፈቅድለታል። ጉልበቱ የመጣው ከሞተሩ አሠራር ነው፤ ቤንዚኑ ያደረገው መንገዱን ከማንኳኳት ነፃ ማድረግ ብቻ ነው።

ለተራ ቤንዚን የተሠራ ሞተር ግን ያንን ፈቃድ የሚጠቀምበት ነገር የለውም። ድብልቁን የሚጨምቅበት መጠን በፋብሪካ የተወሰነ ነው፤ በማደያ አይለወጥም። ካንዴላው ብልጭታውን የሚረጭበት ጊዜም ለተራው ቤንዚን ተለክቶ በሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። በተራው ቤንዚን የማያንኳኳ ሞተር በውዱም አያንኳኳም። የሌለ በሽታ በመድኃኒት አይድንም።

ከዚህ ላይ አንድ ገደብ መጠቀስ አለበት። በዘመናዊ መኪኖች ሞተሩ ላይ የተገጠመ ‘ኖክ ሴንሰር’ የተባለ መሣሪያ አለ። የማንኳኳትን ንዝረት ሲሰማ ኮምፒውተሩ ብልጭታውን በጥቂቱ ያዘገየዋል። ማንኳኳቱ ይቆማል፤ ነገር ግን ጥቂት ጉልበትና ጥቂት ነዳጅ ይባክናል። በተራው ቤንዚን የሚሠራ አንዳንድ ቱርቦ ሞተር በኃይለኛ ሙቀት፣ ተጎታች ይዞ ዳገት ሲወጣ እስከዚህ ሊደርስ ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከፍ ያለው ኦክቴን ትንሽ ልዩነት ያመጣል። በከተማ ውስጥ ሰው ለሚያመላልስ አነስተኛ መኪና ግን ይህ የዕለት ተዕለት ሁኔታ አይደለም።

ፍተሻዎቹ ምን አሳዩ?

የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር በአውሮፓውያኑ 2016 ይህንኑ ጥያቄ በቤተ ሙከራ ፈትኖት ነበር። ለተራ ቤንዚን የተሠሩ ባለ አራት፣ ባለ ስድስትና ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ያላቸው መኪኖች ጎማቸው በሚሽከረከር ማሽን ላይ ሆኖ፣ በተራውና በውዱ ቤንዚን ተነዱ። በጉልበት፣ በነዳጅ ፍጆታም ሆነ በሚወጣው ጭስ ረገድ ትርጉም ያለው መሻሻል አልተገኘም። ማኅበሩ በዚያው ጊዜ እንዳሰላው የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ለማያስፈልጋቸው ውድ ቤንዚን በአንድ ዓመት ውስጥ ከ2 ነጥብ 1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥተዋል።

በቀጣዩ ዓመት ማኅበሩ ጥያቄውን በሌላ በኩል ፈተሸው። በዚህ ጊዜ የተመረጡት አምራቾቻቸው ውዱን ቤንዚን ‘የሚመክሩላቸው’፣ ነገር ግን ‘የማያስገድዱባቸው’ መኪኖች ነበሩ። በእነዚህ ላይ የነዳጅ ቁጠባው በአማካይ በ2 ነጥብ 7 በመቶ፣ ጉልበቱ ደግሞ በ1 ነጥብ 4 በመቶ ተሻሽሏል። መሻሻሉ እውነተኛ ነው። ነገር ግን በአሜሪካ የውዱ ቤንዚን ዋጋ ከተራው 20 በመቶና ከዚያ በላይ ሲበልጥ ወጪውን አይመልስም።

ይህን በአንድ ምሳሌ ማስላት ይቻላል። በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ አንድ ሰው፣ መኪናው ለ87 የተሠራች ናት እንበል። በዓመት 40 ሺህ ማይል ይነዳል፤ መኪናዋም በአንድ ጋሎን 30 ማይል ትሄዳለች። ስለዚህ በዓመት 1 ሺህ 333 ጋሎን ይፈልጋል። ተራው በጋሎን 3 ዶላር፣ ውዱ 3 ዶላር ከ60 ሳንቲም ቢሆን፣ ተራውን ሲቀዳ በዓመት 4 ሺህ ዶላር፣ ውዱን ሲቀዳ ደግሞ 4 ሺህ 800 ዶላር ያወጣል።

ልዩነቱ 800 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ እንዲመለስ መኪናዋ በውዱ ቤንዚን በጋሎን 36 ማይል መሄድ ይኖርባታል፤ ማለትም ፍጆታዋ በ20 በመቶ መሻሻል አለበት። በተራ ሞተር ላይ የተገኘው መሻሻል ግን ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ሌላው ቀርቶ ውዱ ከሚመከርላቸው መኪኖች የተገኘውን 2 ነጥብ 7 በመቶ ብናስብለት እንኳ ዓመታዊ ወጪው ወደ 4 ሺህ 674 ዶላር ይሆናል። አሁንም ከተራው በ674 ዶላር ይበልጣል። ዋጋዎቹ ከአገር አገር፣ ከወር ወር ቢለያዩም ስሌቱ አንድ ነው፤ ውዱ ነዳጅ ዋጋውን የሚመልሰው የፍጆታው መሻሻል የዋጋውን ልዩነት ከደረሰ ብቻ ነው።

‘ውዱ ቤንዚን ሞተር ያጸዳል’ የሚለውስ? አንዳንድ ኩባንያዎች በውዱ ቤንዚናቸው ውስጥ ተጨማሪ የማጽጃ ኬሚካል ይጨምራሉ። ይህ የኩባንያው ምርጫ እንጂ የኦክቴን ቁጥሩ ባሕርይ አይደለም። ጥሩ ማጽጃ ያለው ተራ ቤንዚን፣ ማጽጃ የሌለው ባለ ከፍተኛ ኦክቴን ቤንዚንም ሊኖር ይችላል።

ከጃፓን የመጣችው መኪና በደጋና በቆላ

በአዲስ አበባና በናይሮቢ ጎዳናዎች ከሚታዩት አነስተኛ መኪኖች ብዙዎቹ በጃፓን አገልግለው የመጡ ወይም በዚያ የተሠሩ ናቸው። በጃፓን ደረጃ መሠረት ተራው ቤንዚን ሊኖረው የሚገባው ዝቅተኛ የኦክቴን ቁጥር 89 ሲሆን፣ ውዱ ደግሞ 96 ነው። ለጃፓን ገበያ በተራ ቤንዚን እንድትሄድ የተሠራች ቪትዝ ወይም ኮሮላ እንግዲህ ለዚያ ለ89 የተዘጋጀች ናት። በባሕረ ሰላጤው ማደያዎች ዝቅተኛው የሆነው 91 እንኳ ከዚያ ይበልጣል። እንዲህ ላለች መኪና 95 ወይም 98 መፈለግ አምራቹ ያልጠየቀውን መስጠት ነው።

የቦታ ከፍታም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ስለሚያንስ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊትም ያንሳል፤ የማንኳኳት ዕድሉም እንዲሁ። በአሜሪካ ተራራማ ግዛቶች 85 የሚል፣ በሌላው የአገሪቱ ክፍል የማይሸጥ ቤንዚን የሚገኘው ከዚሁ የተነሳ ነው። ይህ ልማድ የመጣው ከካርቡሬተር ዘመን ነው። በኮምፒውተር የሚመሩ የዛሬ ሞተሮች ከፍታውን አስልተው ብልጭታውን ስለሚያስተካክሉና ቱርቦ ያላቸውም የጎደለውን አየር ስለሚተኩ፣ አምራቾች በተራራ ላይም ቢሆን በመመሪያው ከተጻፈው ቁጥር መውረድን አይመክሩም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በደጋ ከተማ የሚኖር የተራ መኪና ባለቤት ውዱን ቤንዚን የሚፈልግበት ምክንያት ይበልጥ አነስተኛ መሆኑ ነው። በአንጻሩ ያቺው መኪና ሰው ሞልታ ወደ አፋር በረሃ ወይም ወደ ጂቡቲ ስትወርድ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ይለወጣሉ። አየሩ ይበልጥ ይታመቃል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። በአዲስ አበባ ፀጥ ብላ የምትሄድ መኪና በቆላ ማንኳኳት ከጀመረች አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ማርሽ መቀነስና ነዳጁን አብዝቶ አለመርገጥ በሲሊንደሩ ላይ ያለውን ጫና ያቀልለታል።

ችግሩ ቤንዚኑ ሳይሆን ሌላ ሲሆን

ለተራው ቤንዚን የተሠራች መኪና በተራው ቤንዚን ብታንኳኳ ውዱን መቅዳት ድምፁን ሊያጠፋው ይችላል። ነገር ግን የተደበቀ ችግር አለ ማለት ነው፤ እርሱንም መፈለግ ይገባል።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የተበረዘ ነዳጅ ነው። ነጭ ጋዝ ከቤንዚን በርካሽ በሚሸጥበት አገር ሁሉ ሁለቱን የመቀላቀል ፈተና ይኖራል። የነጭ ጋዝ ኦክቴን እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ ጥቂቱ እንኳ የቤንዚኑን ቁጥር ያወርደዋል። ኬንያ በ2018 በነጭ ጋዝ ላይ በሊትር 18 ሽልንግ የፀረ ብረዛ ቀረጥ የጣለችው የዋጋውን ልዩነት በማጥበብ ይህን ድርጊት ለመግታት ነበር። ምልክቱም ይታወቃል፤ ከአንድ ማደያ ከተቀዳ በኋላ በድንገት የጀመረና ሰልባቲዮው በሌላ ቤንዚን ሲሞላ የሚጠፋ ማንኳኳት ወደ ነዳጁ ያመለክታል።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። ብዙ ዓመት ያገለገለ ሞተር በፒስተኑ አናትና በቃጠሎው ክፍል ላይ ጥቀርሻ ይሰበስባል። ጥቀርሻው ቦታውን ስለሚያጠብ ድብልቁ ከታሰበው በላይ ይጨመቃል፤ ሙቀትንም ይይዛል። በዚህ ምክንያት ያረጀ ሞተር አዲስ ሳለ ከሚፈልገው ከፍ ያለ ኦክቴን ሊፈልግ ይችላል። ከመጠን በላይ የሚሞቅ ሞተር፣ የማይስማማ ካንዴላ ወይም የተዛባ የብልጭታ ጊዜም ተመሳሳይ ውጤት አላቸው። የቆዩ የካርቡሬተር መኪኖች ‘ኖክ ሴንሰር’ ስለሌላቸው ራሳቸውን አያርሙም፤ ብልጭታቸውን የሚያስተካክለው መካኒኩ ነው።

ሦስተኛው ራሱ ‘ኖክ ሴንሰሩ’ ነው። መሣሪያው ወይም ሽቦው ሲበላሽ ኮምፒውተሩ ማንኳኳት መኖሩን ማወቅ ስለማይችል፣ ለጥንቃቄ ብልጭታውን ያዘገየዋል። መኪናዋ ትደክማለች፤ ነዳጅም ታበዛለች። ብዙ ጊዜ የሞተሩ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል። በመመርመሪያ መሣሪያ ሲታይ P0325 የሚል ኮድ ከተነበበ የሚያመለክተው የዚህን ሴንሰር መስመር ነው። በዚህ ሁኔታ ውዱን ቤንዚን መቅዳት የመኪናዋን ጉልበት አይመልስም፤ ኮምፒውተሩ የቤንዚኑን መለወጥ የሚያውቅበት ጆሮ የለውምና።

ምርጫው እንዴት ይደረግ?

መነሻው የመኪናው መመሪያ ወይም ከነዳጅ ክዳኑ ውስጠኛ ክፍል የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን አብሮት ያለው ቃልም መነበብ አለበት። ከፍተኛ ኦክቴን ‘የግድ’ ከተባለ መቅዳት ያስፈልጋል፤ በእንዲህ ያለ ሞተር ላይ በተራው መቆጠብ ሞተሩን ለጉዳት ሊያጋልጥ ይችላል። ‘ይመከራል’ ከተባለ ተራው አይጎዳውም፤ ጥቂት ጉልበትና ጥቂት ቁጠባ ይቀነሳል። ተራው ከተጠቀሰ ደግሞ ከዚያ በላይ መክፈል አያስፈልግም።

ጥርጣሬ ያለው አሽከርካሪ ራሱ ሊፈትነው ይችላል። ሰልባቲዮውን ሞልቶ የኪሎ ሜትሩን ንባብ ይመዘግባል። ከዚያ እንደተለመደው ነድቶ እንደገና ሲሞላ የገባውን ሊትር በተጓዘው ርቀት ያካፍላል። አንድ ሙሌት ብቻ አይበቃም፤ የመንገድ መጨናነቅ፣ የጎማ ንፋስና የጭነት ልዩነት ኦክቴን ሊያመጣ ከሚችለው ለውጥ ሁሉ ይበልጣሉና። በተመሳሳይ መንገድ በተራው ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ በውዱም ያንኑ ያህል ሞልቶ አማካዩን ማነጻጸር ይሻላል። በፍጆታው ላይ የታየው ልዩነት ከዋጋው ልዩነት ካነሰ መልሱ ተገኝቷል።

ማንኳኳት መኖሩን ለማወቅ ደግሞ ሬዲዮውን ዘግቶ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ በከፍተኛ ማርሽ ዳገት ሲወጣ ማዳመጥ ነው። ያ የጠጠር ድምፅ ከሌለ፣ የማስጠንቀቂያ መብራትም ካልበራ፣ ለተራው የተሠራው ሞተር የሚፈልገውን ኦክቴን እያገኘ ነው። ለውዱ ቤንዚን ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ለአዲስ ካንዴላ፣ ለንጹሕ የአየር ማጣሪያና በትክክል ለተነፋ ጎማ ቢውል ልዩነቱ በፍጆታው ላይ ሊታይ ይችላል።